በመሬት ውስጥ መተላለፊያ የሰማሁት ባለ ሁለት አውታር ዜማ፤ ማን ይለይልኝ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዜማ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ባቡር ልቀይር በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ስሮጥ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ይጫወታሉ። ብቻቸውን ናቸው። አይዘፍኑም፣ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ አጃቢ ሙዚቃም የለም። አንድ መሣሪያ ብቻ።

መሣሪያው ማሲንቆ ይመስላል፣ ግን ማሲንቆ አይደለም። ቀጭን ረጅም አንገት አለው። ከታች ትንሽዬ ከበሮ የመሰለች ነገር አለችው፣ እሷን ግራ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ድምፁ ሰው በአፍንጫው እያንጎራጎረ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። ዜማው ዝግ ያለ ነው፣ ሆድ ያባባል። ቆም ብዬ 48 ሰከንድ ቀዳሁ፣ ባቡሬ መጣ፣ ሮጥኩ። ምን እንደሚባል እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ድምፅ እዚህ መጫን ስለማይቻል በጽሑፍ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ቅጂው ላይ ኮቴና የጣቢያው ማስታወቂያ አለበት፣ ዜማው ግን በደንብ ይሰማል።

ፈጣን መልስ

ሻዛም አድርጊው። አለቀ።

መንገደኛዋ

አሥር ጊዜ አድርጌዋለሁ። ዘጠኙን ጊዜ «አልተገኘም» አለኝ። አንዴ ደግሞ የሆነ የዳንስ ሙዚቃ አመጣልኝ።

ሁለት ደጋን

አይገርምም። ሻዛም ዜማ አያውቅም፣ ቅጂ ነው የሚያውቀው። አንድ የታተመ ዘፈን ከራሱ ቅጂ ጋር ሲገጥም ያገኘዋል። ያንኑ ዘፈን ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ፣ በራሱ ፍጥነት ሲጫወተው ግን ለሻዛም እንግዳ ድምፅ ነው። የመንገድ ላይ ሙዚቀኛ ደግሞ ሁልጊዜ በራሱ ፍጥነት ነው የሚጫወተው።

ቫዮሊን ለረጅም ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ደጋን ያለው ነገር ሁሉ ይስበኛል። ከዜማው በፊት መሣሪያውን እንያዝ፤ መሣሪያው ከታወቀ ዜማው ሊመጣ የሚችልበት ሰፈር ይጠባል። እስቲ እነዚህን መልሺልኝ። ስንት አውታር ነበረው? ደጋኑ ከአውታሩ ተነስቶ አየር ላይ ሲሆን አይተሻል? ጣታቸው አውታሩን እንጨት ላይ ይጫነው ነበር ወይስ አየር ላይ ነው የሚነካው? ያቺ ከበሮ ስንት ማዕዘን አላት፣ ፊቷስ ምን ይመስላል?

ቅኝት ወዳድ

ወገኖች፣ ለምን ትለፋላችሁ? ማሲንቆ የሚመስል፣ ዝግ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ካለች ትዝታ ነው። የኛ ሰው ይሆናል እዚያ የተቀመጠው። ማሲንቆውን ትንሽ አሻሽሎት ነው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብለሽ አንጎራጉሪና ከቅጂው ጋር አስተያዪው፣ ትስቂያለሽ።

ሰምበሌጥ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም እንደዚሁ የሚያቃጥለኝ አለ። ሸምበቆዎች በተርታ የታሰሩበት ነገር የሚነፋ ሰው አይቼ ነበር፣ ዜማው ወደ ላይ ይወጣና ቀስ እያለ ይወርዳል። ምን ይሆን?

ሁለት ደጋን

ሰምበሌጥ፣ ሸምበቆዎቹ በሁለት ረድፍ ከነበሩ የአንዲስ ተራሮች መሣሪያ ነው፣ ሲኩ ይባላል። በዚያ መሣሪያ መንገድ ላይ የሚጫወት ሰው ካጋጠመህ መጀመሪያ «ኤል ኮንዶር ፓሳ»ን ፈትሽ። ዳንኤል አሎሚያ ሮብሌስ የሚባል የፔሩ ሰው በ1913 የደረሰው ነው። እሱ ካልሆነ የራስህን ክር ክፈት፣ እዚህ ሁለቱ ይምታታሉ።

ቅኝት ወዳድ፣ አምስት ኖታ ያለው ሁሉ ትዝታ አይደለም። ትንሽ ታገስ፣ እመለስበታለሁ።

መንገደኛዋ

እንደማስታውሰው ልመልስ።

አውታሩ ሁለት ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ማስተካከያው ሁለት ትልልቅ እንጨት ነበር፣ ከአንገቱ ጀርባ ወደ ኋላ የወጣ።

ደጋኑን በተመለከተ አንድ ነገር አስገርሞኝ ነበር። በመሃል ውሃ ሊጠጡ አረፉ። መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉት ደጋኑ አብሮት ቀረ። አልወደቀም። ሁለቱ አውታሮች መሃል ተሰክቶ ተንጠልጥሏል።

ጣታቸው እንጨት አይነካም። አንገቱ ከአውታሩ በጣም ራቅ ያለ ነው፣ ሁለት ጣት ያህል። ከበሮዋ ስድስት ማዕዘን ያላት ይመስለኛል። ፊቷ ቅርፊት ቅርፊት ያለው ቆዳ ነው፣ እንደ እባብ።

ሁለት ደጋን

በቃ፣ ውሃ መጠጣታቸው ጠቀመን። ይሄ ኤርሁ ነው፣ የቻይናው። የደጋኑ ጸጉር በሁለቱ አውታሮች መሃል ስለሚያልፍ ሳይፈታ አይወጣም። ተጫዋቹ አውታር ሲቀይር ደጋኑን አያነሳም፤ ወደ ውጭ ገፋ ካደረገው አንዱን ይነካል፣ ወደ ውስጥ ሳብ ካደረገው ሌላውን። የሞንጎሊያው ባለ ፈረስ ራስ መሣሪያም ሁለት አውታር አለው፤ ግን ደጋኑ ነፃ ነው፣ ሳጥኑም ትልቅ ሆኖ ጉልበት መሃል ነው የሚያዘው። ማሲንቆ ደግሞ ያው አንድ አውታር ነው። የዘንዶ ቆዳና ስድስት ማዕዘን ሲጨመርበት ክርክር የለውም።

ሰፈሩ ጠበበ ማለት ነው፣ ቤቱ ግን ገና ነው። ኤርሁ ለራሱ የተደረሱ ሥራዎች አሉት። የሕዝብ ዜማም ይጫወትበታል፣ የዘፈን ዜማም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ከሦስቱም ያነሳል። ቀጥሎ የምፈልገው ቅጂው ላይ ያለውን ዝቅተኛ ኖታ ነው። ኤርሁ የሚቃኘው ውስጠኛው አውታር D4፣ ውጪኛው A4 ሆኖ ነው። ከ D4 በታች መውረድ አይችልም፣ አውታር የለውማ። የመቃኛ አፕ አውርደሽ ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ ንገሪኝ።

መንገደኛዋ

አወረድኩ። ዝቅተኛው `G3` ይላል፣ 196 ኸርዝ አካባቢ።

ሁለት ደጋን

ኧረ! እርግጠኛ ነሽ? እንዲህ ከሆነ ነገሩ ተቀየረ።

በዚያ ዝቅታ የሚቃኝ አንድ በጣም የታወቀ የኤርሁ ሥራ አለ፤ «ኧርጩዋን ዪንግዩዌ» ይባላል፣ ጨረቃ በምንጭ ውሃ ላይ ስታበራ እንደማለት ነው። የደረሰው አቢንግ የሚሉት፣ በዉሺ ከተማ መንገድ ላይ እየተጫወተ የኖረ ዓይነ ስውር ነው። በ1950 ሁለት የሙዚቃ ተመራማሪዎች ሄደው ስድስት ሥራውን ቀዱለት፣ ሦስት በኤርሁ፣ ሦስት በፒፓ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። አቢንግ ወፍራም አውታር ይጠቀም ስለነበር ኤርሁው ከተለመደው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬም ይህን ሥራ የሚጫወቱ ባለሙያዎች G3 እና D4 አድርገው የተቃኘ ለብቻው የተዘጋጀ ኤርሁ ያነሳሉ።

ዝግ ያለ፣ የሚያለቅስ፣ ዝቅ ብሎ የተቃኘ፣ መንገድ ላይ። ሁሉም ይገጥማል። አንድ የምጠረጥረው ነገር ብቻ አለ። ጆንግሁ የሚባል የኤርሁ ታላቅ ወንድም አለ፣ እሱም G3 እና D4 ነው የሚቃኘው። እሱ ግን ከበሮው ተለቅ ይላል። ያየሻት ምን ታህል ነበር?

መንገደኛዋ

ትንሽ ናት፣ የአንድ ኪሎ ወተት ዱቄት ቆርቆሮ ብታክል ነው። ታላቅ ወንድም አይመስለኝም። ወይ ጉድ፣ ዓይነ ስውር የመንገድ ተጫዋች የደረሰው ሥራ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው! አሁኑኑ ፈልጌ አዳምጣለሁ።

የዘንዶ ቆዳ

ሰላም። ብዙ ጊዜ ሳነብ ነው የምውለው፣ አልጽፍም። ኤርሁ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ልናገር።

ጋሼ ሁለት ደጋን፣ ኤርሁ በመሆኑ ይስማማኛል። በአቢንግ ሥራ ግን እጠራጠራለሁ። መንገደኛዋ ዜማው «ከጭንቅላቴ አልወጣም» ብላለች። የአቢንግ ሥራ እንደዚያ አይያዝም። አንድ ሐሳብ ያነሳና በተመለሰ ቁጥር ይለውጠዋል፣ ያረዝመዋል፣ ከፍ ያደርገዋል። አንዴ ሰምቶ ማንጎራጎር ከባድ ነው። እኔ ራሴ ኖታውን እያየሁ እጠፋለሁ።

እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። በ48ቱ ሰከንድ ውስጥ ያው መስመር ሳይለወጥ ይመለሳል? ደግሞ፣ አትቆጪኝና፣ አፑን ያሰማሽው ቅጂውን ነው ወይስ ራስሽ አንጎራጉረሽለት?

መንገደኛዋ

… አንጎራጉሬለት ነው። ኮቴው ስላስቸገረ ዜማውን ራሴ ብለው ይሻላል ብዬ።

ሁለት ደጋን

ሃሃሃ! የለካሽው የጉሮሮሽን ቅኝት ነዋ! እኔም ሳልጠይቅ አቢንግ ዘንድ ሮጥኩ። ሽማግሌ መሆን እንዲህ ነው።

ቅጂውን ራሱን አሰሚው። ሁለት ስልክ ካለሽ በአንዱ አጫውተሽ ሌላውን አጠገቡ አድርጊ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሺው፣ «ድምፁ አይውረድ» የሚለውን ምርጫ ግን አብሪ። አለበለዚያ ሁሉም ኖታ በአንድ ኦክታቭ ወርዶ ሌላ ስህተት ውስጥ እንገባለን።

መንገደኛዋ

እሺ፣ አሁን በትክክል አደረግኩት። ዝቅተኛው `D4` ነው። አፑ ትንሽ ወረድ ያለ ነው ይለኛል፣ 290 አካባቢ። ከዚያ በታች ምንም የለም።

አዎ፣ መስመሩ ይመለሳል። የመጀመሪያው መስመር ወደ ቅጂው መጨረሻ ላይ እንደገና ይመጣል፣ ምንም ሳይለወጥ።

ሁለት ደጋን

D4 ትክክለኛው ልክ 294 አካባቢ ነው፤ 290 የረገበ አውታር ነገር ነው፣ አያሳስብም። ተራ ኤርሁ፣ ተራ ቅኝት። አቢንግን ከዝርዝሩ አወጣሁት ማለቴ አይደለም፣ ተራ ቅኝት ላይ የሚጫወቱትም አሉ። ግን ያስሮጠኝ ምልክት ጠፍቷል፤ ሳይለወጥ የሚመለሰው መስመርም ወደ ዘፈን ነው የሚያመለክተኝ። ግጥም ያለው ዜማ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያንኑ ይደግማል፣ ቃሉ ነው የሚለወጠው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መስመር ኖታ በኖታ ጻፊልን።

የዘንዶ ቆዳ

ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር። ኤርሁ ላይ ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አፑ በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ያሳይሻል። መርፌው ረጋ ብሎ የተቀመጠበትን ብቻ ውሰጂ። ደግሞ የትኛው ኖታ እንደሚርገበገብና የትኛው ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ አዳምጪ። ክፍት አውታር ላይ ጣት የለም፣ ማርገብገብ አይቻልም። ቀጥ ያለው ኖታ የቱ እንደሆነ ካወቅን አፑ ባይኖርም ክፍት አውታሩን እናገኘዋለን።

መንገደኛዋ

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው መስመር ይሄ ነው፦

```
D4 G4 B4 (C5) D5 G4 F#4 B4 (C5) D5
```

ቅንፍ ውስጥ ያለው ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነው፣ ልተወው አልተወው ስላላወቅኩ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው `D4` በትክክል እንዳልሽው ነው፤ ቀጥ ብሎ ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው `G4` ይርገበገባል። ሳይነገረኝ በፊት በፍጹም አልሰማሁትም ነበር፣ አሁን ሌላ መስማት አልቻልኩም።

ቅኝት ወዳድ

አሃ! ትዝታ ማለቴን ትቻለሁ፣ ተሳስቻለሁ። ግን ተመልከቱ። G ዶ ከሆነ B ሚ፣ C ፋ፣ D ሶል፣ F# ቲ ነው። ዶ ሚ ፋ ሶል ቲ! ይሄ ምንድን ነው? ባቲ ነዋ! ያውም ንጹህ ባቲ። ኤርሁም ሆነ ምንም፣ ሰውየው ባቲ ነው የሚጫወቱት።

ሰምበሌጥ

በነገራችን ላይ አዳመጥኩት፣ ኤል ኮንዶር ፓሳ ነው። ተባረኩ። ሁለት ረድፍ ነበር።

ሁለት ደጋን

ቅኝት ወዳድ፣ በዚህኛው አልስቅብህም። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ኖታዎች በሙሉ ባቲ ውስጥ አሉ። F# መኖሩም ትዝታን ይዘጋል፤ ትዝታ በ G ቢሆን G A B D E ነው የሚሆነው፣ ቲ ቦታ የላትም። እስከዚህ ልክ ነህ።

ችግሩ C5 ነው። B4 እና D5 ሁለቱም ውጪኛው አውታር ላይ ናቸው። ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ C5 ላይ ማለፋቸው ግድ ነው። ኖታ ተጫወቱ ማለት አይደለም፣ በደጃፉ አለፉ። ፋ ከወጣች የሚቀርህ ዶ ሚ ሶል ቲ ነው። በአራት ኖታ ቅኝት አይፈረድም። ሁለተኛውን መስመር እንይ።

መንገደኛዋ

ሁለተኛው፦

```
D5 E5 F#5 G5 E5 D5
```

`E5` ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ አይደለም። እያርገበገቡ ነው የሚይዙት።

ሁለት ደጋን

E ላ ናት። ላ ረግታ ከተቀመጠች ባቲ አይደለም።

እንግዲህ ላም ቲም አለው። ትዝታም ባቲም ውስጥ አይገባም ማለት ነው። የድሮ የቻይና የሕዝብ ዜማ ብዙውን ጊዜ በአምስቱ ኖታ ይኖራል፣ ቲ ብትመጣም ስታልፍ ነው የምትታየው። እዚህ ግን ቲ ላይ ተደላድሎ ያርፋል። ደግሞ አነሳሱን ተመልከቱ፤ ሶል ዶ ሚ ሶል፣ የአንድ ኮርድ ኖታዎች በቅደም ተከተል። ይህን የደረሰ ሰው ጆሮው ውስጥ ጊታር ወይም ፒያኖ ነበር። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘፈን ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም፣ የዘፈን ሰው አይደለሁም።

ዜማው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄዱን ብቻ ጽፎ መፈለግም ይቻላል። `Musipedia` የሚባለው ገጽ ይህን ይቀበላል። የመጀመሪያው ኖታ ኮከብ ነው፣ መውጣት U፣ መውረድ D፣ ያው ኖታ ከተደገመ R። ቅንፉን አውጥተን፦

```
*UUUDDUU
```

ፈጣን መልስ

ሞከርኩት። መዓት ነገር ያመጣል፣ ግማሹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው።

ሁለት ደጋን

ሰባት እርምጃ ያንሳል፣ ለዚያ ነው። ሁለቱን መስመር አንድ ላይ አስገባው። መሃል ላይ D5 ይደገማል፣ R ማስገባት እንዳትረሳ፦

```
*UUUDDUURUUUDD
```

የዘንዶ ቆዳ

ቆይ ቆይ ቆይ። አትፈልጉ።

ክፍት ውስጠኛ አውታር፣ G ላይ በሦስተኛ ጣት፣ ከዚያ B እና D ውጪኛው ላይ፣ ከዚያ ተመልሶ ውስጠኛው ላይ G እና F#። ይህንን እጄ ያውቀዋል! በስድስተኛው ወሬ የተማርኩት ነው። አስተማሪዬ «አውታር መቀየር መማሪያ» ብላ ነው የሰጠችኝ፣ ደጋኑ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ ስለሚሄድ። ቴሬሳ ቴንግ በ1977 የዘፈነችው ነው። በቻይንኛ «ዩዌልያንግ ዳይቢያው ዎ ደ ሺን»፣ ጨረቃዋ ልቤን ትናገርልኛለች። ከእሷ በፊት ሌላ ዘፋኝ ዘፍናዋለች፣ የታወቀው ግን በእሷ ነው።

እስካሁን ያልመጣልኝ «ሆድ ያባባል፣ ያለቅሳል» ስለተባለ ነው። እኔ የሐዘን ዜማ እየፈለግኩ ነበር። ይሄ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ለስላሳ፣ ደስ የሚል። «ምን ያህል ትወጂኛለሽ» ተብሎ ሲጠየቅ «ጨረቃን ተመልከት» የሚል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ዝላይ በሸርተቴ ስለሞሉት ነው ለቅሶ የሆነው።

መንገደኛዋ

ወይኔ።

እሱ ነው። እሱ ነው! የመጀመሪያው መስመር ሲጀምር ጩኸቴን ለቀቅኩት። እሷ ስትዘፍነው ግን እንዴት ቀለል ያለ ነው፤ ሌላ ዘፈን ነው የሚመስለው። እሳቸው ዝግ አድርገው ነው የተጫወቱት። ጎን ለጎን አድርጌ አዳመጥኳቸው፣ ኖታው አንድ ነው፣ የሚመለሰው መስመርም በቦታው አለ። አንድ ቦታ ብቻ ይለያያል፤ መጨረሻው ላይ እሳቸው ዘፈኑ ውስጥ የሌለ ሦስት አራት ኖታ ይጨምራሉ።

ሁለት ደጋን

እሱ የራሳቸው ነው። ወይም የመምህራቸው። አይታወቅም።

ጨረቃን ግን አግኝቻት ነበር፣ ዘፈኑን ነው የሳትኩት።

ቅኝት ወዳድ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን የመጀመሪያውን መስመር በክራር ባቲ ቃኝቼ ተጫወትኩት፣ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ነው ላ የጠፋችብኝ። አንድ ሰው ለክራር ቢያስተካክለው ያምራል።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የዘንዶ ቆዳ። አሁን ስግብግብ እንዳልባል እየፈራሁ አንድ ልጨምር። ከዚህኛው በፊት፣ ከሩቅ ስመጣ፣ እኚሁ ሰውዬ ሌላ ነገር እየጨረሱ ነበር። በጣም ፈጣን። የፈረስ ግልቢያ ይመስላል። አልቀዳሁትም።

የዘንዶ ቆዳ

በመሃል ደጋኑን አቁመው አውታሩን በጣት እየነጠቁ የተጫወቱበት ቦታ ነበር? ከነበረ «ሳይማ» ይመስለኛል፣ የፈረስ ውድድር። ኤርሁ የያዘ ሁሉ ይጫወተዋል፣ መንገድ ላይም ሰው ያስቆማል። ኋንግ ሃይኋይ የደረሰው ነው።

መንገደኛዋ

በጣት መንጠቁን አላየሁም፣ ገና ሩቅ ነበርኩ። የማስታውሰው መጨረሻውን ነው። ፈረሱ አሽካካ። የምሬን ነው፣ መሣሪያው ልክ እንደ ፈረስ ነው ያሽካካው፣ አንድ ሕፃን ልጅ ሳቀ።

የዘንዶ ቆዳ

እህ። ማሽካካት ካለ ሌላም አለ፤ «ጃንማ በንተንግ»፣ የሚጋልቡ የጦር ፈረሶች። እሱ ላይ ነው ማሽካካቱ በደንብ የሚሰማው። ግን ሳይማን ሲጨርሱ ለማሳቅ ብለው የሚያሽካኩም አይቻለሁ። በጣት መንጠቁን ካላየሽ መለየት አልችልም።

ሁለት ደጋን

ደጋኑ አውታሩ ላይ እየነጠረ ነበር ወይስ እየተሳበ? የጦር ፈረሶቹ ላይ ደጋኑ ይመታል፣ ኮቴ ለማስመሰል።

መንገደኛዋ

አላስታውስም። በሚቀጥለው ወር በዚያው ጣቢያ አልፋለሁ። ካሉ እጠይቃቸዋለሁ፣ ከሌሉም እነግራችኋለሁ።

ሰምበሌጥ

ቅጂ እንዳትረሺ።